ስድስት እጅ፣ አንድ ፍየል

እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና ለአርብቶ አደሩ አንድ እንግዳ ዕቃ ቀረበ፤ የእንስሳት ኢንሹራንስ። ያዘጋጁት ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ነበሩ። ክፍያው የሚታሰበው በሞተው ከብት ቁጥር አይደለም፤ ሳተላይት ከላይ ሆኖ በለካው የግጦሽ ልምላሜ ነው። አረንጓዴው ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ውል የገባው ሰው ይከፈለዋል። ይህን ላም ሲገዛና ሲሸጥ ለኖረ ሰው በቃል ማስረዳት ቀላል ስላልሆነ፣ በቴፕ የተቀዳ አጭር ድራማና በሥዕል የተሠራ የኮሚክ ትረካ ተዘጋጅቶ ለአርብቶ አደሮች ተሰራጨ።

ለቆላው ሕዝብ ሥዕል ይዞ መሄድ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። ጤና ጥበቃው፣ የእንስሳት ሀብት ቢሮው፣ የውሃ ፕሮጀክቱ፣ የእርዳታ ድርጅቱ ሁሉም ፖስተር ያሳትማል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የሥዕል ችሎታ አይደለም። የሚጎድለው ስምምነት ነው፤ በአንዱ ገጽ ፍየሏ ጆሮዋ ረጅም፣ በሌላው ቀንዷ የጎሽ፣ በሦስተኛው ደግሞ ከኢንተርኔት የወረደች የአውሮፓ ፍየል ትሆናለች። አንድ መልእክት የያዙ ሦስት ወረቀቶች ከሦስት መሥሪያ ቤት የመጡ ይመስላሉ።

ይህ ምዕራፍ ያንን ስምምነት የሚያመጡ ሁለት መሣሪያዎችን በአንድ ምሳሌ ያሳያል። ሙድ ቦርድ ቡድኑ ሥራው ምን እንዲመስል እንደሚፈልግ የሚከራከርበት የምስል ሰሌዳ ነው። ስታይል ጋይድ ክርክሩ ካበቃ በኋላ የተወሰነው ነገር በልክ የሚጻፍበት መመሪያ ነው። ምሳሌው የታሰበ ቢሆንም ሥራው በየዓመቱ የሚያጋጥም ነው። ስድስት ሰዎች፣ ማለትም ሁለት ሠዓሊዎች፣ አንድ ፎቶ አንሺ፣ አንድ ገጽ አቀናባሪ፣ አንድ ተርጓሚና አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ ከያቤሎ በስተምዕራብ ከኮንሶ ጋር ለምትዋሰነው ለተልተሌ ወረዳ የክትባት ፖስተር ይሠራሉ። በሽታው የበግና የፍየል ደስታ መሰል ነው። ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥ ያመጣል። የከብት ደስታ ከምድር መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውጇል፤ ይህኛው ግን እስካሁን አለ፤ ክትባቱም ቀዝቃዛ ቦታ ካልተያዘ ይበላሻል።

ሥራው የሚጀምረው ምስል በመሰብሰብ ነው፤ የመጀመሪያው ወጥመድም እዚያው አለ። ስለ ኢትዮጵያ ምስል ፈልጎ በስልክ የሚያስስ ሰው ቶሎ የሚያገኘው ላሊበላን፣ የጎንደርን ግንብ፣ ዓይናቸው ትልልቅ የሆኑ መላእክትን፣ የጥበብ ጥለትን ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። ሀብተሥላሴ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቱሪዝሙን ሥራ ሲያቋቁሙ፣ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክርና የአገሪቱን ፖስተሮች ለዓለም ሲያሠራጩ የቀረጹት መልክ ጠንካራ ስለነበር እስከ ዛሬ ዓይን ውስጥ ቀርቷል። ለአየር መንገድ ቢሮ ግድግዳ ያማረው መልክ ግን ለተልተሌ የእንስሳት ክሊኒክ በር የግድ አይስማማም። የጥለት ጠርዝ የተደረገበት የክትባት ፖስተር አርብቶ አደሩ ከሩቅ ሲያየው የበዓል ግብዣ ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ይዞ ወደ ሥፍራው መውጣት አለበት። የቦረና ቆላ የራሱ ቀለምና ቅርጽ አለው። አፈሩ ቀይ ነው፤ የምስጥ ኩይሳው ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል፤ ሰዎች በተርታ ቆመው ውሃ የሚያቀባብሉባቸው የቱላ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ በኤል ሶድ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ጥቁር የጨው ሐይቅ አለ። የሴቶቹ ጨሌ፣ የተሸመነው የወተት ዕቃ፣ በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ ብቻ የሚገኘውና በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ግራጫ ወፍ ሁሉም ለሰሌዳው የሚሆኑ ናቸው። የእንስሳቱ መልክ ደግሞ ከሁሉም በፊት ይቀድማል። የቦረና ላም ሻኛ ያላት፣ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም ግራጫማ ናት። ፍየሏ አጭር ጸጉር ያላትና በአብዛኛው ነጭ ናት። በጉ ሰውነቱ ነጭ ሆኖ ራሱ ጥቁር፣ ላቱም ወፍራም ነው። በዚህ አገር ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር የሆነች የወተት ላም ሥሎ ማሳየት የሠዓሊውን እንግድነት ከመንገር በቀር ጥቅም የለውም።

ስድሳ ያህል ምስል ከተሰበሰበ በኋላ ቡድኑ ተቀምጦ ወደ አሥራ አምስት ያወርደዋል። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። እያንዳንዱ ምስል ሲሰቀል ሥሩ «ለቀለሙ»፣ «ለመስመሩ»፣ «ለአቀማመጡ» ወይም «ለሰዎቹ አቋቋም» ተብሎ ይጻፍበታል። ሁለት ሰዎች አንዱን ፎቶ «ግሩም ነው» ብለው ሲስማሙ አንዱ የአፈሩን ቀለም፣ ሌላው የፀሐዩን ጥላ እያየ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይነት የተስማሙ ሠዓሊዎች ሥራቸው ሲገጣጠም አይገናኝም፤ ቀድሞውኑም አልተስማሙም ነበር። ምክንያቱ የማይጻፍለት ምስል ከሰሌዳው ይወርዳል። ከጎን ደግሞ «ይህን አንፈልግም» የሚል ትንሽ ክፍል ይኖራል፤ የጥለት ጠርዙ፣ የአውሮፓ ፍየሏ፣ ከኮምፒውተር የተወሰደው አንጸባራቂ መስቀልና መርፌ እዚያ ይለጠፋሉ። ሐኪሙ የሚያሳፍረውን፣ ተርጓሚው የሚያሳስተውን የሚናገሩት በዚህ ክፍል በኩል ነው፤ ሥዕል የማይችሉት የቡድኑ አባላት ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅሙትም እዚህ ነው።

ሰሌዳው በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይመረጣል። ቡድኑ በተለያየ ከተማ ካለና በቴሌግራም መላላክ ግድ ከሆነ ምስሉ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ የተላከው ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። የስልኮች ስክሪንም ቀይን በየራሳቸው መንገድ ያሳያሉ። ያቤሎ ያለው ሠዓሊ የጡብ ቀለም ያየበትን አፈር ሐዋሳ ያለው አቀናባሪ ብርቱካናማ ሊያየው ይችላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

በአንድ ሕግ በቡድን የመሣል ታሪክ ውስጥ ልብ የሚባል አንድ ቡድን አለ። ኦቶ ኖይራት እ.ኤ.አ. በ1925 በቪየና የማኅበረሰብና የኢኮኖሚ ሙዚየም ከፈተ፤ ዓላማው ቁጥርን ትምህርት ላልዘለቀው ሠራተኛ በሥዕል ማስረዳት ነበር። ዘዴው ኋላ ላይ አይሶታይፕ ተባለ። ጀርመናዊው ሠዓሊ ጌርት አርንትስ ለዚህ ሥራ 4000 ያህል ምልክቶችን ሠርቷል። ሰው፣ ፋብሪካ፣ መርከብ፣ በሬ በአንድ ዓይነት ጠንካራ ጥላ ቅርጽ ተሣሉ። ቡድኑን አንድ ያደረገው ግን የአርንትስ እጅ ብቻ አይደለም፤ ጥቂት የማይጣሱ ሕጎች ነበሩ። ዋነኛው ብዛት ሲጨምር ምልክቱ ይደጋገማል እንጂ አይተልቅም የሚለው ነው። አንድ በሬ አንድ ሺህ በሬን ከወከለ፣ ሦስት ሺህ በሦስት እኩል በሬዎች ይታያል። በሬውን በቁመትም በወርድም ሦስት እጥፍ ማድረግ ስፋቱን ዘጠኝ እጥፍ ስለሚያደርገው ተመልካቹን ያታልላል።

ሌላው ቁም ነገር በመካከል የቆመችው ሰው ናት። ማሪ ኖይራት ከባለሙያው ቁጥር ወስዳ ሠዓሊው ምን እንዲሥል በእርሳስ ትነድፍለት ነበር፤ ባለሙያውም ሠዓሊውም ያልሆነ ይህ ሥራ በቡድኑ ውስጥ የራሱ ስም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዳ ለምዕራብ ናይጄሪያ መንግሥት የሕዝብ ማስተማሪያ ጽሑፎችን ስትሠራ፣ ሕጎቹን ይዛ የሥዕሎቹን አካል፣ ልብሱንና ቤቱን ለአገሩ እንዲስማማ ለወጠች። የተልተሌውም ቡድን ከዚህ የሚወስደው ይህን ነው፤ ሕጉ ይጓዛል፣ ፍየሏ ግን የአገሯ ትሁን። የመካከለኛዋን ሥራ ደግሞ ሐኪሙ ወይም ተርጓሚው ቢይዘው ይሻላል፤ ሠዓሊ የራሱን ንድፍ ራሱ ሲያርም ጨካኝ መሆን ይቸግረዋል።

ሰሌዳው ከተወሰነ በኋላ ወደ መመሪያው ሲገባ ቋንቋው መለወጥ አለበት። «ማራኪ»፣ «ዘመናዊ»፣ «ባህላዊ» የሚሉ ቃላት በስታይል ጋይድ ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ማስመሪያ ይዞ ሊለካቸው የሚችል ሰው የለምና። በምትካቸው ልክ ይጻፋል። ለምሳሌ ቡድኑ የውጭ መስመሩ በኤ2 ወረቀት ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡ 0.75 ሚሊ ሜትር፣ ቀለሙም ያለ ጥላ ዝርግ ይሁን ብሎ ሊወስን ይችላል። ልኩ ከየት መጣ? ከፎቶ ኮፒው ነው። ኤ2 የሆነው ፖስተር በወረዳው ጽሕፈት ቤት ወደ ኤ4 ሲቀነስ ቁመቱም ወርዱም በግማሽ ይቀንሳል። 0.75 የነበረው መስመር 0.375 ይሆናል፤ ከዚያ ቢያንስ በደከመ ማሽን ይጠፋል። 24 ነጥብ የነበረ ፊደልም 12 ይሆናል፤ ስለዚህ በትልቁ ወረቀት ላይ ከ24 ያነሰ ጽሑፍ አይኖርም።

ቀለሙም በዚሁ መንገድ ይወሰናል። ከሰሌዳው የወጣውን የአፈር ቀይ #8A3B1E፣ የደረቀ ሣር ቢጫውን #E8B23A እንበል። ስማቸው ሁሉም ከሚያውቀው ነገር መውሰዱ በስልክ ለመነጋገር ይረዳል፤ ኮዱ ደግሞ ለኮምፒውተሩ ነው። አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ይነበብ እንደሆነ የሚለካበት የንጽጽር ቁጥር አለ። ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለትልቅ ጽሑፍ ቢያንስ 3 ያስፈልጋል። የአፈር ቀዩ በነጭ ላይ 7.7 ያህል ስለሚያመጣ ለማንኛውም ጽሑፍ ይሆናል። ቢጫው በነጭ ላይ ግን 2 እንኳ አይሞላም፤ በፀሐይ የተለጠፈ ቢጫ ጽሑፍ የለም እንደማለት ነው። ቢጫው በቀዩ ላይ ሲጻፍ ወደ 4 ይጠጋል፤ ለርዕስ ይበቃል፣ ለማብራሪያ አይበቃም። እንዲህ ያለ ውሳኔ በመመሪያው ውስጥ በአንድ መስመር ይሰፍራል፦ «ቢጫ ጽሑፍ በቀይ መደብ ላይ ለርዕስ ብቻ፤ በነጭ ላይ በፍጹም።»

ሰማያዊውን ሲመርጡ አንድ ነገር ይደርስባቸዋል። ለውሃ ብለው የያዙት ጠቆር ያለ ሰማያዊ በስክሪን ላይ ከቀዩ ጋር ግልጽ ልዩነት ቢኖረውም በጥቁርና ነጭ ሲታተም ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ፤ የእንስሳቱ ማጠጫ ከመሬቱ ጋር ይቀላቀላል። መድኃኒቱ ሰማያዊውን ማፍዘዝ ነው። ምርመራውም ቀላል ነው፤ ማንኛውም ገጽ ከመጽደቁ በፊት አንዴ በጥቁርና ነጭ ይታተማል።

ቀለም ከዚህ ሌላ ትዝታም አለው። ኦትል አይሸር እ.ኤ.አ. የ1972ቱን የሙኒክ ኦሊምፒክ መልክ ሲመራ ቀይን ከዝርዝሩ አወጣ፤ የናዚውን ዘመንና የ1936ቱን የበርሊን ኦሊምፒክ እንዳያስታውስ። በምትኩ ፈዘዝ ያሉ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለሞች ከትኬቱ እስከ ሠራተኛው ልብስ ድረስ ተዘረጉ፤ ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ያገኘው በዚያ በቀይ አልባው ከተማ ነበር። በቦረናም ጥቁር፣ ቀይና ነጭ በአንድነት ሲቆሙ ገዳን ያስታውሳሉ። የክትባት ፖስተር ሦስቱን በሰንደቅ ቅደም ተከተል ሲደረድር ሳያስበው ሌላ ነገር ይናገራል። ይህን የሚያውቁት የአገር ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቀለሙ ከመጽደቁ በፊት ቢጠየቁ ኋላ ከመቅደድ ይሻላል።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ፤ በኢትዮጵያ የሚሠራ መመሪያ ከውጭ ተቀድቶ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በተልተሌ ፖስተሩ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ሥሩም በአማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ሁለቱ ፊደሎች እኩል ቦታ አይፈልጉም። «ውሃ» ሁለት ፊደል ናት፤ በቁቤ ሰባት ትሆናለች። «ቦረና» ሦስት ናት፤ በቁቤ ሰባት። በአማርኛ ብቻ ተቀናብሮ ያማረ ገጽ ቁቤው ሲገባበት ይፈነዳል። ስለዚህ የገጹ ቦታ መጀመሪያ በቁቤው ይለካል፤ አማርኛው በተረፈው ውስጥ በምቾት ይቀመጣል።

ቁመታቸውም ይለያል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው ሁሉም በሙሉ ቁመት ይቆማል፤ የላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ግን አጠር ያሉ ናቸው። ሁለቱ በአንድ የነጥብ መጠን ሲጻፉ አማርኛው ጎልቶ ቁቤውን ይጫነዋል፤ አንባቢውም የትኛው ቋንቋ እንደተናቀ ወዲያው ያያል። ቡድኑ በተለያየ መጠን አትሞ፣ ራቅ ብሎ አይቶ ይወስናል። ቁቤው 26 ሲሆን አማርኛው 24 ቢሆን እኩል ይታያሉ ብለው ከተስማሙ ያ ቁጥር ይጻፋል። ርዕስን በሁሉም ትላልቅ የላቲን ፊደላት ጽፎ ማጉላትም አይፈቀድም፤ ለአማርኛው አቻ የለውምና። ማጉላት በውፍረት ብቻ ይሆናል። የግዕዙን ፊደል ማጋደልም ቀርቷል፤ ኮምፒውተሩ ያጋድለዋል፣ እግሮቹ ግን ይወላገዳሉ።

የፊደሉ ዓይነትም በስም ይጻፋል። ለምሳሌ Noto Sans Ethiopic ለአማርኛው፣ Noto Sans ለቁቤው፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፣ ተጣጥመውም የተሠሩ ናቸው። ግዕዝ በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፕሮግራሞች የተጻፈ የቆየ ሰነድ ሲገለበጥ ፊደሉ ወደ ትርጉም አልባ የላቲን ምልክቶች ይለወጣል። ከቢሮው የድሮ ፋይል «ቆርጦ መለጠፍ» በመመሪያው የተከለከለው ለዚህ ነው፤ እንደገና ይተየባል። በቁቤ ቃል መካከል የምትገባዋን ሁድሃ ደግሞ ኮምፒውተሩ በራሱ ፈቃድ ወደ ጥቅስ ምልክት ሊያዞራት ይችላል። ተርጓሚው የመጨረሻውን ገጽ የሚያነበው ለትርጉሙ ብቻ አይደለም፤ ለዚህችም ጭምር ነው። ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ፋይል ፊደሎቹ በውስጡ የታሸጉበት ፒዲኤፍ ይሆናል፤ ማተሚያ ቤቱ ፊደሉ ከሌለው ሌላ ስለሚተካበት።

ከዚህ በኋላ የምትቀረው ፍየሏ ናት። በመመሪያው ውስጥ አንድ ገጽ ለእርሷ ይሰጣል፤ ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ፤ ጤነኛና የታመመች፤ ከበግ፣ ከላምና ከሰው ጋር ቁመቷ እየተነጻጸረ። የታመመችው ምን ምን ምልክት እንደምታሳይ ሐኪሙ ይወስናል፤ አፍንጫዋ ላይ ያለው ፈሳሽ በምን ቀለም እንደሚሣል እንኳ ይጻፋል። ቅርብ ለማሳየት ተብሎ አፏ ከገላዋ በላይ ተልቆ አይሣልም። በጤና ትምህርት ሥራ የታወቀው ችግር ይኸው ነው፤ አጉልቶ የተሣለ ነፍሳት ያየ ሰው «እኛ ዘንድ ይህን ያህል ትልቅ የለም» ብሎ ጉዳዩን ይተወዋል። ቁስሉን ማሳየት ካስፈለገ የሰው እጅ አፏን ሲከፍት ይሣል፤ እጁ ልኩን ይነግራል።

መመሪያው ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚባለው በንባብ አይደለም። ሁለቱ ሠዓሊዎች ሳይተያዩ አንድ ሥዕል ይሠራሉ፦ አንዲት ሴት የታመመች ፍየል ለይታ ስታስር። ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። በልዩነታቸው ላይ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ የተለያየው ነገር ሁሉ መመሪያው ዝም ያለበት ቦታ ነው። የአንዱ ሴት ሻሿ ከኋላ፣ የሌላው ከፊት ከታሰረ፣ አንድ መስመር ይጨመራል። መሬቱ በአንዱ ሥዕል ካለ፣ በሌላው ከሌለ፣ ሌላ መስመር። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ የሚቀረው ልዩነት የእጅ ጽሑፍ ያህል ይሆናል፤ ያ ችግር የለውም።

ቀጥሎ ጽሑፉ ተሸፍኖ ሥዕሉ ብቻውን ገበያ ይወርዳል። የሚጠየቀው «ገባዎት ወይ?» ተብሎ አይደለም፤ ለዚህ ጥያቄ ጨዋ ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። «ምን ያያሉ?» ተብሎ ነው። ማንበብ ያልለመደ ሰው ሥዕሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ላያያቸው ይችላል፤ የተከተበችው ፍየል ቀድማ የታመመችው ከተከተለች ክትባቱ በሽታ አመጣ ማለት ነው። ይህ ከተከሰተ ሥዕሎቹ በአግድም መደርደራቸው ቀርቶ ከላይ ወደ ታች ይሆናሉ፤ በየሥዕሉም ጥግ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነጥብ ይደረጋል። የተገኘው መልስ ወደ መመሪያው ይገባል።

ብዙ መመሪያዎች የሚሞቱት በውፍረታቸው ነው። ስድሳ ገጽ የሆነውን ማንም አይከፍተውም፤ ለዚህ ቡድን ስምንት ገጽ ይበቃል፣ የመጀመሪያው ገጽም ቀለሙን፣ ፊደሉን፣ መስመሩንና ፍየሏን በአንድ ላይ ያሳያል። ሌላው የሞት መንገድ ባለቤት ማጣት ነው። ሁሉም በየስልኩ የራሱን ቅጂ ይዞ ሲያሻሽል በስድስት ወር ስድስት መመሪያ ይወለዳል። ስለዚህ ፋይሉን የሚለውጥ አንድ ሰው ይሰየማል፤ በእያንዳንዱ ቅጂ ሽፋን ላይ ቁጥርና ቀን ይጻፋል፤ የታተመ የቀለም ናሙና ቁራጭም አብሮ ይያያዛል፤ ስክሪን በቀለም ነገር ምስክር አይሆንምና።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀምር ቡድን የመጀመሪያውን ቅጂ ለኃላፊው ከማስገባቱ በፊት ለማተሚያ ቤቱ ሠራተኛና በወረዳው ፎቶ ኮፒ ለሚያነሳው ሰው ያሳይ። መመሪያው የማይሠራበትን ቦታ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።